ግልጽ ደብዳቤ፦ ሕፃኑ በተጠበቀበት ቀን ባይወለድስ?

ለሠራተኛ ጉዳይ ሚኒስቴር

ጉዳዩ፦ የወሊድና የአባትነት ፈቃድ አንቀጾች በአብነት መመሪያው ውስጥ እንዲስተካከሉ ስለመጠየቅ

ክቡር ሚኒስትር፣

በሰው ሀብት አስተዳደር ሥራ ላይ ከአሥር ዓመት በላይ ቆይቻለሁ። በእነዚህ ዓመታት የድርጅት የውስጥ መመሪያ ስጽፍም ሌሎች የጻፉትን ሳስፈጽምም ኖሬያለሁ። ይህን ደብዳቤ እንድጽፍ ያደረገኝ አሠሪዎች የራሳቸውን መመሪያ ሲጽፉ ሚኒስቴርዎ በናሙናነት ካሳተመው የአብነት መመሪያ ላይ እንዳለ ገልብጠው የሚወስዱት አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። «ሠራተኛዋ ከሚጠበቀው የወሊድ ቀን 4 ሳምንት በፊት ጀምሮ በጠቅላላው የ16 ሳምንት ፈቃድ ታገኛለች» ይላል። ሲያነቡት ምንም ጉድለት የለበትም። ጉድለቱ የሚታየው ሕፃኑ ከተጠበቀበት ቀን ቀድሞ ወይም ዘግይቶ ሲወለድ ነው፤ ብዙ ሕፃናት ደግሞ ሐኪም በገመተው ቀን በትክክል አይወለዱም።

በእጄ ያለፈ አንድ ጉዳይ ላንሣ። 16 ሳምንት 112 ቀን ነው። ሠራተኛዋ 28 ቀን ቀደም ብላ ወጣች፤ ሕፃኑ የተወለደው ግን ከተጠበቀው ቀን 11 ቀን ዘግይቶ ነው። የደመወዝ ክፍሉ ፋይሉን ከፍቶ ሲቆጥር 39 ቀን ከወሊድ በፊት አልቋል፤ ከ112 ሲቀነስ 73 ቀን ይቀራል። 84 ቀን ከልጇ ጋር እሆናለሁ ብላ ያሰበች እናት 11 ቀን ጎደለባት። ሒሳቡን የሠራው ባልደረባዬ ክፋት አልነበረበትም። «በጠቅላላው» የሚለው ቃል ሌላ መንገድ አልሰጠውም።

የዓለም የሥራ ድርጅት በ2000 እ.ኤ.አ. ያወጣው የእናትነት ጥበቃ ስምምነት ቁጥር 183 ይህን አስቀድሞ አይቶታል። በሚጠበቀውና በትክክለኛው የወሊድ ቀን መካከል ያለው ጊዜ ከወሊድ በፊት ባለው ፈቃድ ላይ ይጨመራል፤ ከወሊድ በኋላ ያለው አስገዳጅ ጊዜም በዚህ ሰበብ አይቀነስም ይላል። ነገር ግን አስገዳጅ የሚለው ከወሊድ በኋላ ያለውን 6 ሳምንት ብቻ ነው። ስለዚህ መመሪያ ጸሐፊው ስምምነቱን ጠቅሶ ብቻ ቢያልፍ፣ ከ6 ሳምንት በላይ ያሉት ቀናት አሁንም ለክርክር ክፍት ይሆናሉ። አብነቱ ይህን ክፍተት በአንድ መስመር ሊዘጋው ይችላል፦ «ከወሊድ በኋላ ያለው 12 ሳምንት ሕፃኑ ከተወለደበት ቀን ማግስት ጀምሮ ይቆጠራል፤ ወሊዱ ቢዘገይ የዘገየበት ጊዜ ተጨማሪ የወሊድ ፈቃድ ሆኖ ይያዛል።»

ቀድሞ ሲወለድ ደግሞ ችግሩ ይባስ የሚያሳዝን ነው። ሌላ ሠራተኛ ፈቃዷ ሊጀምር 14 ቀን ሲቀረው በድንገት ወለደች። ሕፃኑ ማሞቂያ ውስጥ ገብቶ እሷ ሆስፒታል ኮሪደር ላይ ተቀምጣ ሳለ ከቢሮ የደረሳት መልእክት እነዚያ 14 ቀናት ከዓመት ፈቃዷ እንደሚቀነሱ የሚናገር ነበር፤ ምክንያቱም የጠየቀችው ፈቃድ የሚጀምርበት ቀን ገና አልደረሰም። ያን መልእክት ካየሁ ወዲህ «ወሊዱ ቢቀድም ፈቃዱ ሕፃኑ በተወለደበት ቀን ይጀምራል፤ ከወሊድ በፊት ያልተወሰዱት ቀናት በሙሉ ወደ ኋላ ይሸጋገራሉ» የሚል ሐረግ የሌለበትን ረቂቅ አላጸድቅም።

ከቀኑ ጋር አብሮ የሚታይ አንድ ትንሽ ነገር አለ። «90 ቀን» ብሎ ዝም የሚል መመሪያ ሁለት ትርጉም አለው። ተከታታይ ቀን ከሆነ 13 ሳምንት አይሞላም፤ በሳምንት 5 ቀን ለሚሠራ ሰው የሥራ ቀን ከሆነ ግን 18 ሳምንት ነው። «የሥራ ቀን» ወይም «ተከታታይ ቀን» የሚለው ቃል ከቁጥሩ ጎን ሳይጻፍ መቅረት የለበትም።

ወደ ቅድመ ማስታወቂያው ልምጣ፤ እዚህ ላይ ይበልጥ የሚጎዱት አባቶች ናቸው። ብዙ መመሪያዎች አባት ፈቃድ ከመውሰዱ 2 ሳምንት በፊት በጽሑፍ እንዲያሳውቅ ያዛሉ፤ ፈቃዱን ደግሞ በወሊዱ ሰሞን ብቻ እንዲወስድ ይላሉ። ምጥ በሌሊት የጀመራት ሚስት ያለችው ሰው የሁለት ሳምንት ማስታወቂያ ከየት ያመጣል? የቅርብ ኃላፊው ደግ ከሆነ ይፈቅድለታል፤ ካልሆነ ቀሪ ተብሎ ይመዘገባል።

ማስታወቂያ የሚያስፈልገው አሠሪው ተተኪ እንዲያዘጋጅ ነው። ለዚያ የሚጠበቀውን ቀን ማወቅ ይበቃዋል። ስለዚህ ሁለት እርምጃ ይሁን፦ ሠራተኛው፣ እናትም ሆነች አባት፣ የሚጠበቀውን ቀን ለምሳሌ ከ8 ሳምንት በፊት በጽሑፍ ያሳውቅ፤ ሕፃኑ ሲወለድ ደግሞ በስልክም ሆነ በመልእክት ይንገር፣ ማስረጃውን በኋላ ያምጣ። ማስታወቂያው ቢዘገይ ምን እንደሚሆንም መጻፍ አለበት። መመሪያው ዝም ካለ እያንዳንዱ ኃላፊ የራሱን ቅጣት ይፈጥራል። እኔ የምመርጠው «የማስታወቂያ መዘግየት ፈቃዱን አያስቀርም» የሚለውን ግልጽ ቃል ነው።

የመጨረሻው ጉዳይ መመለስ ነው። ስምምነት ቁጥር 183 ሠራተኛዋ ወደ ነበረችበት መደብ ወይም በእኩል ደመወዝ ወደ ተመጣጣኝ መደብ የመመለስ መብት ይሰጣታል። «ተመጣጣኝ» የሚለውን ቃል ግን በመመሪያው ውስጥ የሚተረጉም አላየሁም። እኔ በሠራሁበት ቦታ አንዲት የሽያጭ ቡድን መሪ በዚያው የመደብ ስምና በዚያው ደመወዝ ተመለሰች። ደንበኞቿ ግን ለተተኪዋ ተላልፈው ቀርተዋል፤ ኮሚሽኗም አብሮ ሄዷል፤ ሪፖርት የምታደርገውም ለዚያው ተተኪ ሆነ። በወረቀት ላይ ምንም አልተጣሰም።

ነገሩ የተበላሸው እሷ በተመለሰችበት ቀን አልነበረም። ተተኪው ሲመደብ የተሰጠው ደብዳቤ የሚያበቃበትን ጊዜ አይጠቅስም ነበር። እሷ ስትመለስ አስተዳደሩ ሰውየውን ከቦታው የሚያነሣበት ሰነድ በእጁ አልነበረውም። ስለዚህ የመመለስ አንቀጹ ከተተኪው የምደባ ደብዳቤ መጀመር አለበት፦ ምደባው ጊዜያዊ እንደሆነና የመደቡ ባለቤት በተመለሰች ቀን እንደሚያበቃ በግልጽ ይጻፍ። ተመጣጣኝ ማለትም በደረጃ፣ ኮሚሽንን ጨምሮ በጠቅላላ ገቢ፣ በሥራ ሰዓት፣ በሥራ ቦታና በኃላፊነት ስፋት የማያንስ ማለት እንደሆነ ይተርጎም። ፈቃድ ላይ ሳለች የተሰጠ የእርከን ጭማሪም ይድረሳት።

ፈቃዷ በሚያልቅበት ቀን ለምትመለስ ሠራተኛ ሌላ የመመለሻ ማስታወቂያ መጠየቅ አያስፈልግም፤ ቀኑን አሠሪው ራሱ ያውቀዋል። ማስታወቂያ የሚያሻው ቀድማ መመለስ ከፈለገች ብቻ ነው።

ክቡር ሚኒስትር፣ ከላይ በትእምርተ ጥቅስ ያስቀመጥኳቸው የማሻሻያ ዓረፍተ ነገሮች እንደ ረቂቅ እንዲታዩልኝ እጠይቃለሁ። የሕግ ክፍልዎ ቢያሻሽላቸው ደስ ይለኛል። አብነቱ በቀጣይ ሲታተም ግን «በጠቅላላው» የሚለው ቃል መጀመሪያ ላይ ከጠቀስኩት የአብነቱ ዓረፍተ ነገር እንዲወጣ አጥብቄ እለምናለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንዲት የሰው ሀብት አስተዳደር ባለሙያ