ቢዘገይም ቅጣት የለም

ስሚ እቱ፣ እንዴት ነሽልኝ? ሁለት ዓመት ሙሉ ድምፄን ያጠፋሁት ረስቼሽ እንዳይመስልሽ፣ አባትሽ ያረፉ ጊዜ ሳልደውል ቀረሁ፣ ዛሬ ነገ ስል ሳምንት አለፈ፣ ከዚያ ወር ሆነ፣ ከወር በኋላ ደግሞ በምን ፊቴ ልደውል። ያው ጥፋቱ የኔ ነው፣ ነፍሳቸውን ይማር። ዛሬ የጻፍኩልሽ ግን ጉዳይ ስላለኝም ነው፣ ልዋሽሽ አልፈልግም። ግጥም ነው።

ሰፈራችን ላይብረሪ ሊከፈት ነው። እኛ ፑል ስናይበት የነበረው ቤት የለ? እሱ ተቀብቶ ሼልፍ ገብቶለት መስከረም መጨረሻ ይመረቃል፣ እና ኮሚቴው ልጆች መጥተው መጽሐፍ እንዲዋሱ የሚቀሰቅስ ግጥም አንተ ጻፍ አሉኝ። እኔም ኮራ ብዬ በወል ቤት ስድስት ስድስት እየቆጠርኩ አንድ ገጽ ሞላሁ። አጀማመሩ ይሄ ነበር፣

ስልኩን ወዲያ ጥለህ መጽሐፍ ያዝ አንተ ልጅ
ድንቁርናን ጠልተህ ዕውቀት አርግ ወዳጅ

ቤት ይመታል አይደል? ለእህቴ ልጅ አነበብኩለት፣ ስምንት ዓመቱ ነው፣ ዝም ብሎ ሰማኝና «ማንን ነው የሚቆጣው?» አለኝ። በቃ ቀደድኩት። ልጆቹ ይበሉት ብልም ደግሞ መሃል ላይ ትንፋሽ ያጥራቸዋል፣ ስንኙ ረጅም ነው፣ ለአዋቂ ማንጎራጎሪያ እንጂ ለልጅ ጩኸት አይሆንም።

ከዚያ ቡሄ ትዝ አለኝ። ባለፈው ወር እኮ በየበሩ ሲጨፍሩ ነበር፣ ዜማው አፋቸው ላይ ነው፣ አራት አራት ነው የሚረግጠው፣ አውጪው አንድ ስንኝ ይልና ሌላው «ሆ» ይላል። ቆጠራው ላይ ግን ተሸወድኩ፣ በፊደል ስቆጥር ምንም አልገጥም አለኝ፣ ለካ ሳድሱ ብዙውን ጊዜ ከፊቱ ካለው ፊደል ጋር ተጣብቆ ነው የሚነገረው፣ «ካርድ» ሦስት ፊደል ሆኖ በአፍ አንድ ምት ናት። ጠረጴዛ እየመታሁ ስቆጥር ነው የገባኝ። አንቺ ይሄን ድሮ ነግረሽኝ ነበር፣ አልሰማሁሽም።

እዚያ ማዶ ቤት ተከፍቷል (ሆ)
መጽሐፍ አለ ሼልፉ ሞልቷል (ሆ)

ቀጥሎ «ና ተዋስ» ብዬ ስጽፍ የጎረቤት ሴት ልጆች «እኛስ?» አሉ። ልክ ናቸው፣ «ና» ካልኩ «ነይ» የለችም፣ ሁለቱንም ላስገባ ካልኩ ምቱ ይፈርሳል። በብዙ ቁጥር አደረግኩትና ተገላገልኩ።

ካርድ ያዙና ኑ ተዋሱ (ሆ)
ሁለት ሳምንት ሲያልቅ መልሱ (ሆ)

አሁን ዋናው ነገር። ልጆቹን ዞሬ ለምን አትዋሱም ስላቸው ማንበብ ጠልተው አይደለም፣ አንደኛው «ስንት ብር ነው?» አለኝ። የሚያውቁት መንገድ ላይ መጽሐፍ የሚያከራዩትን ነው፣ መያዣ አስይዘሽ በቀን የምትከፍይውን። አንዷ ደግሞ ከሌላ ቦታ የተዋሰችውን ታናሽ ወንድሟ ገጹን ቀዶባት፣ በፕላስተር ለጥፋ ከአልጋ ሥር ደብቃው እስካሁን አልመለሰችም፣ እናቷ እንዳትከፍል ፈርታ። አሳየችኝ፣ ፕላስተሩ ቢጫ ሆኗል፣ ሙጫው ወረቀቱ ውስጥ ገብቶ ፊደሉን አደብዝዞታል፣ ላላቅቅ ስል ገጹ አብሮ ተነሳ። በቀጭኑ ነጭ ኮላ ቀብተሽ፣ ግራና ቀኙን ፌስታል አድርገሽ፣ ከባድ ነገር ጭነሽበት ብታሳድሪው ይድን ነበር። እና እነዚህን ሁለቱን ፍርሃቶች ግጥሙ ውስጥ ከተትኳቸው፣ ስለ ዕውቀት ብርሃን ምናምን ሁሉ አውጥቼ ጣልኩ።

ኪራይ የለም ብር አታምጡ (ሆ)
ስም ጻፉና ያዙ ውጡ (ሆ)

ቢቀደድም አትደብቁት (ሆ)
ሙጫ አለና እዚህ አምጡት (ሆ)

ለልጅቷ ሳነብላት «እውነት አይቆጡም?» አለች። እኔ ደግሞ ቃል የገባሁት በሰው ቤት ነው፣ ሮጬ ኮሚቴው ጋ ሄድኩና ግጥሙ ይሄን ካለ አትቀጡም ማለት ነው አልኳቸው። ስለ መቀደዱ ተስማሙ። ሊቀመንበሩ «ለምርቃት ቡሄ አይቀልም ወይ» ብሎ ትንሽ አጉረመረመ፣ ልጆቹ «ሆ» ሲሉ ሰምቶ ተወው።

አንዲት ስንኝ ግን ቀርታለች። መጽሐፍ የምታውሰው ልጅ «ያዘገየ በቀን አንድ ብር ይክፈል» ትላለች፣ እኔ ደግሞ ብር ከገባ ያዘገየው ልጅ ጭራሽ አይመለስም፣ መጽሐፉም አብሮ ይቀራል እያልኩ እየተከራከርኩ ነው። ካሸነፍኩ እንዲህ ትጀምራለች፣

ቢዘገይም ቅጣት የለም (ሆ)

በ«ለም» የሚመታ፣ አራት አራት የሆነ ሁለተኛ ስንኝ ሦስት ቀን ፈለግኩ፣ «ዓለም» እና «ቀለም» ብቻ ነው የሚመጣልኝ፣ ሁለቱም ሰልችተውኛል። አንቺ ታውቂበታለሽ። በድምፅ ላኪልኝ፣ ከፈለግሽም መጀመሪያ ስደቢኝ።