ስክሪኑ «ጤነኛ ነው» ለሚለው ምላሻችሁ የቀረበ ቅሬታ

ለ፦ ስልኩን ላመረተው ኩባንያ የደንበኞች አገልግሎት ክፍል

ጉዳዩ፦ የስክሪን መርገብገብን ይመለከታል

ይህን ሞዴል የምንሸጥና የምንጠግን ባለሙያዎች ነን። ዓይናቸውን የሚያቃጥላቸው፣ ራሳቸውን የሚያማቸው ደንበኞች ስልኩን ሲመልሱ፣ የአገልግሎት ማዕከላችሁ «ስክሪኑ ጤነኛ ነው፣ ደግሞም 120 ሄርዝ ነው» ይላቸዋል። 120 ሄርዝ ምስሉ በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚታደስ ነው የሚናገረው። ቅሬታው ግን ብርሃኑ በሚቀነስበት መንገድ ላይ ነው።

ስልኩ ብርሃን ሲቀነስ ኦሌድ ስክሪኑ የሚያገኘውን ከረንት አያሳንስም። ይልቁንም ስክሪኑን በሰከንድ 240 ጊዜ ያበራል፣ ያጠፋል፤ ፒደብልዩኤም የሚባለው ይኸው ነው። አንዱ ዙር 4.2 ሚሊሰከንድ ገደማ ይፈጃል። ብርሃንን በሚለካ ፎቶዳዮድና ልኬቱን በመስመር በሚያሳይ ኦሲሎስኮፕ ሲታይ፣ ብርሃኑ ሩብ ላይ ሆኖ የሚበራው 1 ሚሊሰከንድ ያህል ብቻ ነው፤ የቀረው ድፍን ጨለማ ነው። ሰው መብራቱ ሲጠፋ አያስተውልም። ዓይኑ ከመስመር ወደ መስመር ሲዘል ግን የፊደሉ ምስል እየተቆራረጠ ይደርሰዋል። ይህ የማይሰማቸው ብዙዎች ናቸው፤ የሚሰማቸው ሰዎች ግን ማታ አልጋ ላይ፣ ብርሃኑን ዝቅ አድርገው ሲያነቡ ይብስባቸዋል። የጨለማው ጊዜ የሚረዝመው ያኔ ነውና።

አይትሪፕልኢ የተባለው የመሐንዲሶች ማኅበር በ2015 ለኤልኢዲ መብራቶች ያወጣው 1789 የተባለ ምክረ ሐሳብ፣ በ240 ሄርዝ የብርሃኑ መዋዠቅ ከ19 በመቶ ብዙም እንዳያልፍ ይመክራል። የእናንተ ስክሪን 100 በመቶ ይዋዥቃል። ሰነዱ ለስልክ አልተጻፈም፤ ልዩነቱ ግን በቸልታ የሚታለፍ አይደለም።

ማዕከላችሁ በቪዲዮ ቀርጾ «ምንም አልታየም» ማለቱ አያስገርምም። በ1/60 ሰከንድ የካሜራ ፍጥነት አራት ሙሉ ዙሮች አንድ ላይ ስለሚገቡ መርገብገቡ ይዋጣል። በሌላ ስልክ ካሜራ Pro የሚለውን ከፍታችሁ ፍጥነቱን 1/4000 አድርጉ፤ ቅሬታ በቀረበበት ስልክ ስክሪን ላይ ነጭ ገጽ ክፈቱና ብርሃኑን ወደ ሩብ አውርዱ። ሰፋፊ ጥቁር ሰንበሮች ይታያሉ። ብርሃኑ ከፍ ሲል ሰንበሮቹ ይጠባሉ። ስክሪኑን በተመሳሳይ ስክሪን መቀየር (ማዕከላችሁ ደንበኛን እያስከፈለ የሚያደርገው) ምንም አይለውጥም፤ ብርሃን የሚቀነስበት ዘዴ ያው ነውና።

ለጊዜው ደንበኞችን Adaptive brightness አጥፍተው ብርሃኑን ከፍ እንዲያደርጉና Extra dim እንዲከፍቱ እንመክራለን። ስክሪኑ በከፍተኛ ብርሃን እንደሚሠራው ይቆያል፤ ሶፍትዌሩ ቀለሞቹን ያደበዝዛል። ጨለም ባለ ፎቶ ላይ ግን ጥላው ውስጥ ያለው ዝርዝር ይጠፋል፤ ስለዚህ ማስታገሻ እንጂ መፍትሔ አይደለም።

የምንጠይቀው ይህን ነው፦ በከረንት ብርሃን የሚቀንስ አማራጭ በሶፍትዌር ማሻሻያ ይጨመር፤ ብርሃኑ በጣም ሲወርድ ቀለሙ ትንሽ ቢዛባም ምርጫው ለተጠቃሚው ይተው። በእያንዳንዱ ሞዴል መግለጫ ላይ የመርገብገቡ ፍጥነትና መጠን፣ በሩብና በግማሽ ብርሃን ተለክቶ ይጻፍ። እስከዚያው በዚህ ምክንያት ስልክ የሚመልስ ደንበኛ ገንዘቡ ይመለስለት፤ ለስክሪን ቅያሪ የተከፈለውም አብሮ ይታሰብ።

ከሰላምታ ጋር
የሽያጭና የጥገና ባለሙያዎች

ግልባጭ፦ ለአገር ውስጥ አከፋፋዩ