ዛሬ ኮምቦልቻ ካርድ ለተቀበላችሁ

ሰላም ጓዶች፣ ከሥራ አውደ ርዕዩ ካርድ ይዛችሁ የተመለሳችሁ ነገ ዓርብ ከቀኑ 6 ሰዓት በፊት ኢሜይል እንድትልኩ ነው የምጽፈው። ቅዳሜና እሑድ ካለፈ ካርዱን የሰጣችሁ ሰው ፊታችሁንም ስማችሁንም ይረሳል።

እስካሁን ማንም ለቃለ መጠይቅ አልተጠራም። ስለዚህ «ቃለ መጠይቁ መቼ ነው?» ብላችሁ እንዳትጽፉ። እኔ አምና እንዲያ ጽፌ መልስ ሳላገኝ ቀርቻለሁ። የት እንዳገኛችሁት፣ ምን እንዳወራችሁ አስታውሱትና አንድ ነገር ብቻ ጠይቁ። ለምሳሌ የኬሚካል ምህንድስና ተመራቂዋ እንዲህ ልትጽፍ ትችላለች፦

«ጤና ይስጥልኝ። ሐሙስ ኮምቦልቻ ላይ ስለ ማቅለሚያ ክፍሉ ያነጋገሩኝ ነኝ። ቀለሙ ከጥቅል ጥቅል እንደሚለያይባችሁ ነግረውኝ ነበር፤ የመመረቂያ ሥራዬም በዚሁ ላይ ነው። ሲቪዬን አያይዣለሁ። ለጀማሪ የሚሆን ቦታ ሲከፈት የሚመለከተው የትኛውን ክፍል ነው?»

ይኸው በቂ ነው። ርዕሱ ላይ ስማችሁን፣ የትምህርት መስካችሁንና «ኮምቦልቻ ሐሙስ» የሚለውን ጻፉ። ሲቪው በፒዲኤፍ ይሁን፤ በስልክ ያነሳችሁትን ፎቶ አትላኩ። «በድረ ገጻችን አመልክቱ» የተባላችሁ መጀመሪያ አመልክቱ፣ ከዚያ ማመልከታችሁን በኢሜይሉ ጥቀሱ። መልስ ከሌለ ከሳምንት በኋላ አንድ ጊዜ ብቻ ድገሙ፤ በግል ስልኩ መደወል ግን ይቅር።

ነገ ጠዋት 3 ሰዓት ደሴ ፒያሳ ተገናኝተን ረቂቁን አብረን እናያለን። ካርዱንና ሲቪውን ያዙ። የምትመጡ ዛሬ ማታ እዚሁ ስማችሁን ጻፉልኝ።