ስለ ጋሽ ሪግሬሽንና ስለዚያ ሊንክ

ኅዳር 10 ቀን 2018
የካ አባዶ

ይድረስ ለውዷ ጓደኛዬ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ሁለት ዓመት ድምፄን አጥፍቼ ዛሬ ብቅ ስል ምን እንደምትዪኝ አውቃለሁ። ስድቡን ተቀብያለሁ። ነገ እደውላለሁ ስል ነገው ወር ሆነ፣ ወሩም ዓመት። ከዚያ በኋላ ደግሞ እፍረት መጣ። ይሄው ነው ሰበቤ፣ ሌላ የለኝም።

እሑድ ዕለት መገናኛ ታክሲ ሰልፍ ላይ ታናሽ ወንድምሽን አገኘሁት። ውጭ ለማስተርስ እያመለከትሽ ነው አለኝ። የድጋፍ ደብዳቤ እንዲጽፉልሽ የዩኒቨርሲቲ መምህራችንን ጋሽ ሪግሬሽንን ሪኮመንደር አድርገሽ አስገብተሽ፣ እሳቸው ግን ሦስት ሳምንት ዝም ብለውሻል። "ተቀይመውኛል መሰለኝ" ብለሻል አሉ። ኧረ አልተቀየሙሽም! እኔም አምና እዚያው ጉድ ውስጥ ነበርኩ። ለዚህ ነው ብዕር ያነሳሁት።

መጀመሪያ ያስገባሽው ኢሜይል የትኛው እንደሆነ እይ። እኔ በድሮው የዩኒቨርሲቲ አድራሻቸው ነበር የላክሁት። ጡረታ ከወጡ ወዲህ ከፍተውትም አያውቁም። የማመልከቻው ፖርታል ላይ ስማቸው ጎን "Sent" ይላል፣ እኔም ደርሷቸዋል ብዬ ተቀምጫለሁ። ካመለከትኩበት ዩኒቨርሲቲ ተልኳል ማለት እንጂ ሰውየው አይተውታል ማለት አይደለም። ደብዳቤው እስካልገባ ድረስ አብዛኛውን ጊዜ አድራሻውን መቀየር ይቻላል፤ ያን ጊዜ ደብዳቤውን የሚያስገቡበት አዲስ ሊንክ ይላክላቸዋል። ጂሜላቸውን አስገባሁ። እሱም ስፓም ውስጥ ገባ። በኋላ ስጠይቃቸው "አይቼዋለሁ፣ ሎተሪ ደርሶሃል ከሚሉት አንዱ መስሎኝ ተውኩት" አሉኝ። አንዳንዱ ፖርታል ደግሞ ማመልከቻሽን ሙሉ በሙሉ እስክታስገቢ ድረስ ለሪኮመንደሩ ምንም አይልክም። ያንቺ ከየትኛው ወገን እንደሆነ አረጋግጪ።

በመጨረሻ ለገጣፎ ቤታቸው ሄድኩ። ከእኔ ሰፈር ሩቅ አይደለም። ገና ሻይ ሳልጨርስ "ታዲያ ምን አስጨነቀሽ፣ አንቺው ጻፊውና እኔ ልፈርምበት" አሉ። እውነቱን ልንገርሽ፣ ደስ ብሎኝ ነበር። ግን ቅጹ መጨረሻ ላይ ይህን የጻፍኩት እኔ ነኝ ብለው በስማቸው ያረጋግጣሉ። አሳስቶ ማስፈረም ሆነብኝ። "የለም ጋሼ፣ ትዝ የሚልዎትን እርስዎ ይጻፉ፣ እኔ ማስታወሻ ይዤልዎታለሁ" አልኳቸው። የውጤት ወረቀቴን፣ የመመረቂያ ጽሑፌን የመጀመሪያ ገፆችና ለምን እንደማመለክት የሚያስረዳ ግማሽ ገጽ ሰጠኋቸው። እሳቸው ሳሎን በልጃቸው ላፕቶፕ ተቀመጡ፣ እኔ ጓዳ እትዬ ቡና ሲቆሉ አጠገባቸው። መብራት ስለሌለ ኢንተርኔቱ ከስልካቸው ነው። ጥያቄ በመጣ ቁጥር በበሩ ይጠሩኛል።

መጀመሪያ የጮኹት "ይቺ ልጅ ደብዳቤውን የማየት መብቷን ትታለች ይላል፣ ምንድን ነው?" ብለው ነው። ይሄ አንቺ ስማቸውን ስታስገቢ የመለስሽው ጥያቄ ነው። የአሜሪካ ሕግ ነው፣ ከ1974 ጀምሮ ያለ። ገብተሽ ተማሪ ከሆንሽ በኋላ ፋይልሽን የማየት መብት ይሰጥሻል፤ ከፈለግሽ የድጋፍ ደብዳቤውን በተመለከተ መብቱን መተው ትችያለሽ። አያስገድዱሽም። እኔ ትቻለሁ፤ መምህሩ ተማሪዋ ታየዋለች ብሎ ሳይሸማቀቅ ከጻፈ አንባቢውም የበለጠ ያምነዋል ብዬ። መልስሽን እሳቸውም ያዩታል።

ቀጥሎ ስም፣ ማዕረግ፣ መሥሪያ ቤት፣ ስልክ። ጡረታ መውጣታቸውን በግልጽ ጻፉ፣ ጂሜል የተጠቀሙትም ለዚህ እንደሆነ ደብዳቤው ውስጥ አንድ መስመር ጨመሩ። ከዚያ "ከመቼ ጀምሮ ያውቋታል?" የሚለው መጣ። "2005 ብያለሁ" አሉኝ ከሳሎን። ቡናው ትንሽ ቀርቶ ነበር የፈሰሰው። በእኛ 2005 እኮ በፈረንጅ 2012 ነው! የውጤት ወረቀቴ 2012 ይላል፣ እሳቸው 2005። ያነበበ ሰው ሕፃን ሆኜ ያስተማሩኝ ነው የሚመስለው። አንዴ ከላኩት በኋላ ደግሞ ራሳቸው ገብተው አያርሙትም። ስለዚህ ማስታወሻሽ ላይ ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ጽፈሽ ስጪያቸው። ስምሽንም ፓስፖርትሽ ላይ ባለው የእንግሊዝኛ አጻጻፍ።

ዋናው ነገር ግን ሠንጠረዡ ነው። እኔ ደብዳቤ ብቻ ይመስለኝ ነበር። የማሰብ ችሎታ፣ የጽሑፍ ችሎታ፣ ለብቻ መሥራት እያለ ይዘረዝርና ከሌሎች ተማሪዎች ጋር ሲያነጻጽሯት ከላይኞቹ 5 በመቶ ናት፣ 10 በመቶ፣ 25 በመቶ ወይስ ከዚያ በታች ይላል። የመጨረሻው ዓምድ "ለመፍረድ አልችልም" ነው።

ጋሼን ታውቂያቸው የለ? ዝም አሉ። ቆይተው "ስንት ነበራችሁ?" አሉ። 62 አልኩ። "የ62 አምስት በመቶ ሦስት ሰው ነው። አንቺ ስንተኛ ነበርሽ?" አምስተኛ። "እንግዲህ ከሦስቱ ውስጥ አይደለሽም።" እትዬ "አንተ ሰውዬ፣ ልጅቷን አታስቀይማት!" ብለው ጮኹ። እሳቸው ምን በወጣቸው፣ ሂሳብ ነው። እኔ ግን ቅጹን እንደገና እንዲያነቡት ጠየቅኩ። ከየትኛው ቡድን ጋር እንደሚያነጻጽሩ ይጠይቃል፤ ከዚያ ዓመት ክፍል ጋር ሳይሆን እስካሁን ካስተማሯቸው የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎች ጋር የሚል ምርጫ ነበረው። ያ ሌላ ሂሳብ ነው፤ በ20 ዓመት ውስጥ ካስተማሯቸው ሁሉ ጋር ነው የምትወዳደሪው። እሳቸውም አሰቡና የትንተና ችሎታ ላይ 5 በመቶ፣ ጽሑፍ ላይ 10 በመቶ አደረጉልኝ። የቡድን መሪነት ላይ "አላየኋትም" ብለው የመጨረሻውን ዓምድ መረጡ። ተከፋሁ፣ አልደብቅሽም። ማታ ሳስበው ግን ሁሉም ላይ 5 በመቶ ቢሞሉልኝ ኖሮ አንባቢው ሁሉንም ባላመነ ነበር።

ደብዳቤው አንድ ገጽ ተኩል ሆነ፣ ቀንና ፊርማ ያለበት፣ በፒዲኤፍ። የሰርቬይ ዳታዬ ውስጥ ተደግመው የገቡ መልሶችን ራሴ አግኝቼ ያስተካከልኩትን አንስተዋል። እኔ ረስቼው ነበር።

ስለ ቀኑ አንድ ነገር ብቻ። ዲሴምበር 15፣ 11:59 PM በኒውዮርክ ሰዓት የሚል ከሆነ በእኛ ታኅሣሥ 7 ጠዋት 1 ሰዓት ከ59 ነው። ለጋሼ ግን ያንን አትንገሪያቸው። ኅዳር 30 በያቸው።

አሁን ፖርታልሽን ክፈቺና ጂሜላቸውን አስገቢ፤ አድራሻውን በቴሌግራም እልክልሻለሁ። የውጤት ወረቀትሽንና ግማሽ ገጽሽንም ላኪልኝ። ቅዳሜ ይዤላቸው እሄዳለሁ። መጀመሪያ ግን አንቺ ራስሽ ደውዪላቸው፣ በሰው አስልካ ነው እንዳይሉ። ከሰዓት በኋላ ይሁን፤ ጠዋት ጓሮ ናቸው፣ ስልክ አያነሱም።

ጓደኛሽ