የጥር የዱቄት ወጪ ማስታወሻ፦ እስከ ሐሙስ አስተያየት ስጡበት

ሰላም የግዥ፣ የምርትና የመጋዘን ባልደረቦች፣

የጥር የዱቄት ወጪ ከበጀት 39,500 ብር ለምን እንደበለጠ ለሥራ አስኪያጃችን ዓርብ ማስታወሻ እናስገባለን። ከዚያ በፊት ቁጥሮቹን እዩልኝ።

የያዝነው በጀት 40 ኩንታል በ6,000 ብር ሒሳብ፣ 240,000 ብር ነበር። የተጠቀምነው ግን 43 ኩንታል በ6,500፣ ማለትም 279,500 ብር ነው። የዳቦው ቁጥር ከዕቅዱ ጋር እኩል ስለሆነ «ብዙ ጋግረን ነው» ማለት አንችልም።

የዋጋ ልዩነት፦ 500 ብር × 43 = 21,500 ብር።
የመጠን ልዩነት፦ 3 ኩንታል × 6,000 = 18,000 ብር።

የዋጋው ምክንያት በደረሰኝ ይታያል። ከ21,500ው ውስጥ 1,500 ብሩ ግን በትርፍ 3 ኩንታሎች ላይ የተከፈለ ጭማሪ ነው፤ ስለዚህ ግዥ ብቻውን አይጠየቅበትም። ሁሉንም በገበያው ማሳበብም አያዋጣም፣ አለቃችን ወዲያው መጠኑን ይጠይቃሉ።

በመጠኑ በኩል፣ በእጅ የሚቆረጠው ሊጥ 100 ግራም መሆን ሲገባው ስንመዝነው በአማካይ 106 ወጣ። ወሩን ሙሉ እንዲህ ከነበረ 2.4 ኩንታል ያህሉን ያስረዳል። የቀረው 60 ኪሎ የት ገባ? የተቀደደ ጆንያ ነው ወይስ የተበላሸ ሊጥ? መጋዘንና ምርት መልሱልኝ።

ሐሙስ ከቀኑ 10 ሰዓት ሒሳብ ክፍል እንገናኝ። ግዥ ደረሰኞቹን፣ መጋዘን የዱቄት ወጪ ማዘዣዎችን፣ ምርት የዕለት መዝገቡን ይዛችሁ ኑ። መምጣት የማትችሉ እስከ ረቡዕ ማታ እዚሁ ጻፉልኝ።