ሲቪዬ ላይ አንቺ ያለሽበት ዓረፍተ ነገር

እህት ዓለም፣

እንዴት ነሽልኝ? እናትሽስ ጉልበታቸው ተሻላቸው? ልጆቹስ? ስልክሽን አውጥቼ መልሼ ያስቀመጥኩትን ጊዜ አላህ ነው የሚያውቀው፣ ሰው ከቆየ በኋላ መደወሉ ራሱ ይከብዳል። ይቅር በይኝና እንለፈው፣ ደሴ ስትመጪ ቡናው ላይ የፈለግሽውን ያህል ትቆጪኛለሽ። አዲስ አበቤ ሆነሽ ረሳሽን ብዬ ላሳብብ ነበር ግን አያስኬድም፣ ባለፈው በዓል የደወልሽው አንቺ ነሽ።

አሁን የጻፍኩልሽ ጉዳይ ገጥሞኝ ነው፣ አልደብቅሽም። እዚሁ ኮምቦልቻ አንድ ፋብሪካ የፋይናንስ ኃላፊ ይፈልጋል፣ ማመልከቻው እስከ አርብ ነው። ወላሂ እንደዚህ የፈለግኩት ስራ የለም፣ ይሄን ያህል እንደምፈልገው ለሰው እንኳን አልተናገርኩም፣ ላንቺ ነው የመጀመሪያው። ችግሩ ሲቪው አናት ላይ የምትገባዋ አጭር ማጠቃለያ ናት፣ አራት አምስት ዓረፍተ ነገር ብቻ፣ እሷ ላይ ቀናት ፈጀሁ። ለምን አንቺን እንዳስቸገርኩ ወደ መጨረሻው ይገባሻል።

መጀመሪያ ፒያሳ ጽሕፈት ቤት ያለው ልጅ ዝግጁ አለኝ ብሎ አወጣልኝ። «ታታሪ፣ ውጤት ተኮር፣ ጫና ውስጥ መስራት የምትችል፣ ከ12 ዓመት በላይ ልምድ ያላት ከፍተኛ የፋይናንስ ባለሙያ» ይላል። ልጁ ክፋት የለውም፣ ለሁሉም የሚሰጠው እሱኑ ነው። ግን አስቢው፣ ይሄን የሚያነበው የፋይናንስ ሰው ነው፣ ታታሪ የሚለውን ከየትኛው ሰነድ ጋር ያመሳክረዋል? እኛ ደረሰኝ የሌለው ወጪ አንመዘግብም፣ ደረሰኝ የሌለው ቃልስ ለምን እንጽፋለን? ስለዚህ ቅጽሎቹን በሙሉ አውጥቼ ቦታቸው ላይ የስራውን ስፋት አስገባሁ፣ ወደ 400 የሚጠጋ ሰራተኛ ፔይሮል፣ የቫትና የዊዝሆልዲንግ ዲክላሬሽን፣ የጡረታ መዋጮ፣ የወር መዝጊያ። ታታሪ ነኝ ሳልል የ400 ሰው ደመወዝ በየወሩ በሰዓቱ የምታወጣ ሴት ናት ብሎ ራሱ ይረዳው።

12 ዓመት የምትለዋም አላስተኛችኝም። እውነት ነው ስራ ከጀመርኩ 12 ዓመቴ ነው፣ ግን የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ገንዘብ ያዥ እንደነበርኩ አንቺ ታውቂያለሽ። የስራ ልምድ ደብዳቤዬ ላይ መደቡ ከነቀኑ ተዘርዝሯል፣ የሰው ኃይሏ ሁለቱን ወረቀት ጎን ለጎን ስታደርግ መጀመሪያ የምታየው ይሄንን ነው፣ እዚያ ላይ ካልተገናኘ የቀረውን ማን ያምነኛል? ስለዚህ «በፋብሪካ ሂሳብ 10 ዓመት፣ ያለፉትን 4 በሲኒየር አካውንታንትነት» አልኩ። አየሽ ቁጥሩ አነሰ እንጂ እኔ አላነስኩም፣ እንዲያውም ሲኒየር መሆኔ ቀድሞ ታየ።

ቀጥሎ የወር መዝጊያው ነው። አንቺ ከሄድሽ በኋላ የባንክ ሪኮንስሌሽኑን ወር ጠብቀን መስራቱን አስቀረሁት፣ በየሳምንቱ አደረግኩት። ታስታውሺያለሽ ወሩ ካለቀ በኋላ ነበር ያልተመነዘረ ቼክ ፍለጋ የምንገባው፣ አሁን እሱ ቀድሞ ይታወቃል። ትራያል ባላንሱ ለሥራ አስኪያጁ የሚደርሰው በቀጣዩ ወር 20 አካባቢ ነበር፣ አሁን 10 አካባቢ ሆኗል፣ ሰኔን ሳይጨምር፣ የሰኔ መዝጊያ ያው እንደምታውቂው ቆጠራም ስላለበት ይቆያል። ታዲያ «የመዝጊያ ጊዜውን በግማሽ ቀነስኩ» ልበል? ስቶሩም በዚያው ሰሞን ገቢ እቃ የተረከበበትን ሰነድ ቶሎ መላክ ጀምሯል፣ ስለዚህ ሁሉንም የኔ ማድረግ ልክ አይመጣም። «ለማሻሻሉ አስተዋጽኦ አድርጌያለሁ» ብልስ? ይሄ ደግሞ ምን እንደሰራሁ አይናገርም፣ ሻይ ያፈላም አስተዋጽኦ አድርጓል። በመጨረሻ ያደረግኩትንና የሆነውን ጎን ለጎን አስቀመጥኳቸው፣ «የባንክ ሪኮንስሌሽንን ከወር ወደ ሳምንት ቀይሬያለሁ፤ ከሰኔ በስተቀር የወር መዝጊያው ከ20ኛው ወደ 10ኛው ቀን ወርዷል»። የመጀመሪያው ግማሽ የኔ ነው፣ የማንም አይደለም፣ ሁለተኛው ደግሞ የሆነ ነገር ነው። ኢንተርቪው ላይ በምን ወረደ ካሉኝ ስቶሩንም እነግራቸዋለሁ።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ።

የ2014ቱ ነገር። ልተወው ብዬ ነበር፣ ስለዚያ ጊዜ መጻፍ ራሱ ደስ አይለኝም፣ የስራ ማመልከቻ ላይ ደግሞ መከራ የምሸጥ ይመስለኛል። ግን በዚህ ሁሉ ዓመት የሰራሁት ትልቁ የሂሳብ ስራ እሱ ነው፣ ያንቺም እሱ ነው። ኮምቦልቻ ስንመለስ ቢሮው ባዶውን፣ ኮምፒውተሩ የለም፣ ቦክስ ፋይሉ የለም፣ በእጃችን የቀረው ለኦዲት ተብሎ አዲስ አበባ የተላከው የሰኔ 2013 የፒችትሪ ባክአፕ ብቻ። ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ያለውን እኔና አንቺ ነን ከምንም ያነሳነው።

ልጁ ይሄን ስነግረው ምን ብሎ እንደጻፈው ታውቂያለሽ? «በጦርነት የወደመውን የድርጅቱን ሂሳብ ሙሉ በሙሉ መልሳ ያቋቋመች»። ሲያነቡት ያምራል። ግን ሁለት ቦታ ላይ እውነት አይደለም።

አንደኛው «ሙሉ በሙሉ» የሚለው ነው። ባንኩን ሙሉ አግኝተናል፣ ቅርንጫፉ ስቴትመንቱን አውጥቶ ሰጠን። የሐምሌ፣ የነሐሴና የመስከረም ሽያጭም ግብር ቢሮ ከነበረው የቫት ዲክላሬሽን ጋር አስተያይተነው ገጠመ። ጥቅምት ግን ገና ዲክሌር ስላልተደረገ የምናስተያየው አልነበረንም፣ ከባንክ ገቢና ደንበኞች ጋር ከቀረው የደረሰኝ ኮፒ ነው የሰበሰብነው። የፔቲ ካሽ ሰነዱ ጠፍቶ ቀረ። ስቶር ደግሞ በዚያ ወቅት ምን ወጣ ምን ተዘረፈ መለየት ስላልተቻለ የተረፈውን ቆጥረን ነው የጀመርነው፣ ኦዲተሩም የስቶር ሂሳቡ ላይ ኳሊፊኬሽን አስቀምጧል። የዚያ ዓመት ሪፖርት ባንክም ግብር ቢሮም አለ። ሙሉ በሙሉ ብዬ ጽፌ ቃለ መጠይቅ አድራጊው «ስቶሩንስ በምን አመጣሽው?» ቢለኝ ምን እመልሳለሁ? ከምንጮቹ ጋር ብጽፈው ግን ጥያቄው ራሱ ለኔ ይመቸኛል፣ ምክንያቱም የቱ ከየት እንደመጣ ከእንቅልፌ ቀስቅሰው ቢጠይቁኝ እናገራለሁ። ያልተገኘውንም ስናገር ስራውን በእጄ እንደሰራሁት ያውቃል፣ ያልሰራ ሰው የጎደለው ምን እንደሆነ አያውቅማ።

ሁለተኛው አንቺ ነሽ።

ተሰብሳቢውን በሙሉ የያዝሽው አንቺ ነሽ፣ ለየደንበኛው ደብዳቤ የጻፍሽው፣ የደወልሽው፣ ቀሪ ሂሳባቸውን ፈርመው እንዲልኩ የለመንሽው። እኔ ባንኩን፣ ሽያጩንና ግብሩን ነው የያዝኩት። ሲቪ የራስ ነው፣ ሌላ ሰው አይጠራበትም አሉኝ አንዳንዶች። እኔ ግን አልዋጥልሽ አለኝ። ያንቺንም ሲቪ አንድ ቀን እነዚሁ ሰዎች ያነቡት ይሆናል፣ ሁለታችንም «ብቻዬን ሰራሁት» ብንል ከሁለታችን አንዳችን ዋሽታለች ማለት ነው። ከዚያ ደግሞ አንቺ ብታነቢው ምን ይሰማሻል ብዬ ሳስብ እጄ አልሄድ አለ። ስልኬን አነሳሁ፣ መልሼ አስቀመጥኩ፣ እንዲህ ሆኜ ነው ደብዳቤ የሆነው።

አሁን ያለው እንዲህ ይላል፣ በአማርኛ ጨርሼው ነው ወደ እንግሊዝኛ የምመልሰው፦

«በፋብሪካ ሂሳብ 10 ዓመት የሰራሁ፣ ያለፉትን 4 ዓመታት በሲኒየር አካውንታንትነት እያገለገልኩ ያለሁ ባለሙያ ነኝ። የወር መዝጊያን፣ ወደ 400 የሚጠጋ ሰራተኛ ፔይሮልን እንዲሁም የቫትና የዊዝሆልዲንግ ዲክላሬሽንን አዘጋጃለሁ፤ የሁለት ጁኒየር አካውንታንቶችን ስራ አከፋፍላለሁ፣ እፈትሻለሁ። የባንክ ሪኮንስሌሽንን ከወር ወደ ሳምንት ቀይሬያለሁ፤ ከሰኔ በስተቀር የወር መዝጊያው ከ20ኛው ወደ 10ኛው ቀን ወርዷል። በ2014 ዓ.ም. የድርጅቱ ሰነዶች ሲጠፉ፣ ከአንዲት ባልደረባዬ ጋር የአራት ወር ሂሳብ ከባንክ ስቴትመንት፣ ከቫት ዲክላሬሽንና ከደንበኞች ማረጋገጫ መልሰን አደራጅተናል፤ የባንክ፣ የሽያጭና የግብር ክፍሉ በኔ ኃላፊነት ነበር።»

ሁለቱ ጁኒየሮች ላይ «እመራለሁ» ብዬ ነበር። ግን የስራ አፈጻጸማቸውን የሚሞላው ኃላፊው ነው፣ ፈቃዳቸውንም እሱ ነው የሚፈርመው፣ እኔ ስራ እሰጣቸዋለሁ፣ ቫውቸራቸውን አይቼ እፈርማለሁ። እንደሱ ብሎ መጻፉ አሳነሰኝ ትያለሽ? እዚህ ላይ ገና ልቤ አልቆረጠም። ማስታወቂያው የአመራር ልምድ ይላል፣ እሱ ነው የሚያስፈራኝ። አንዷ ጓደኛችን «ሱፐርቫይዘር በይው፣ ማን ያጣራል» አለችኝ፣ እኔ ግን ማንም ባያጣራም ኃላፊ ሆኜ ከገባሁ በመጀመሪያው ወር የሰው ፈቃድና ግምገማ ጠረጴዛዬ ላይ ሲመጣ ለምጄዋለሁ ብዬ ማስመሰል አልፈልግም። አንቺ ሰው ስለምትመሪ ታውቂዋለሽ፣ ንገሪኝ።

እንግዲህ የምፈልገውን ልበልሽ። አራተኛውን ዓረፍተ ነገር አንብቢውና ያልነበረ ነገር ካለ፣ ወይ ያንቺን የወሰድኩ ከመሰለሽ፣ ሳታፍሪ ሰርዢው፣ በቴሌግራም ላኪልኝ። ስምሽን አልጻፍኩም፣ ፈቃድሽን ሳልጠይቅ አላደርገውም፣ ግን እሺ ካልሽኝ ምስክር የሚሆን ሰው ሲጠይቁ ስልክሽን እሰጣቸዋለሁ። ሲደውሉልሽ የኔን ብቻ እንዳትነግሪያቸው፣ ተሰብሳቢውን ማን እንደሰራው ራስሽ ንገሪያቸው።

አንድ የቀረኝ ነገር። ፈርመው የላኩት ደንበኞች 39 ነበሩ 41? ኢንተርቪው ላይ ቁጥር ከጠየቁኝ በግምት መናገር አልፈልግም። ያቺ አረንጓዴ ደብተርሽ ካለች እዪልኝ፣ ከሌለች ቁጥሩን አላነሳውም፣ አብዛኞቹ እላለሁ።

እናትሽን ሰላም በይልኝ፣ ልጆቹን ሳሚልኝ። እስከ ሐሙስ ማታ ካልጻፍሽልኝ ግን እደውላለሁ፣ በዚህ ሰበብ ድምጽሽንም እሰማለሁ።

ጓደኛሽ፣ ከደሴ