ስለ አሳጥሮ መጻፍ ፈተናው ውጤት፣ ለ7ኛ ክፍል ወላጆች

የተከበራችሁ ወላጆች፣ እንደምን ሰነበታችሁ?

የአማርኛው ፈተና ወረቀት ቤት ከደረሰ ወዲህ አንድ ጥያቄ በተደጋጋሚ እየመጣ ነው፤ «ልጄ ያለ ስህተት ጽፎ፣ ፊደሉም አምሮ፣ እንዴት ከ10 አራት ያገኛል?» የሚል። አብሽሩ፣ በምሳሌ ላስረዳ።

ምንባቡ ይሄ ነበር፦

«ባቲ ሰኞ ሰኞ የሚቆም ትልቅ ገበያ አላት። የአፋር አርብቶ አደሮች ከቆላው ግመልና ፍየል ይዘው ይመጣሉ፤ የደጋው ገበሬ ደግሞ እህል ያወርዳል። ዝናብ በሚዘገይበት ዓመት የከብት ዋጋ አብዛኛውን ጊዜ ይወርዳል፤ የእህሉ ግን ይወጣል።»

ትእዛዙ ደግሞ፣ ከምንባቡ ቃላት ግማሽ ሳይበልጥ በራስ አነጋገር ጻፉ ነው። አንድ ተማሪ እንዲህ ጻፈ፦

«ባቲ በየሰኞው የሚቆም ግዙፍ ገበያ አላት። ከኮምቦልቻ በስተምሥራቅ ናት። ዝናብ ሲዘገይ የከብት ዋጋ ሁልጊዜ ይወርዳል።»

መጀመሪያ የምናየው ለምንባቡ ታማኝ መሆኑን ነው፤ አምስት ነጥብ አለው። ባቲ በእርግጥ ከኮምቦልቻ በስተምሥራቅ ናት፤ ግን ምንባቡ አላለም፣ ስለዚህ ነጥብ ይቀነሳል። እዚህ ላይ ብዙ ወላጅ ይከፋዋል፤ ሆኖም የምንለካው ልጁ ስለ ባቲ የሚያውቀውን ሳይሆን ያነበበውን መያዙን ነው። ከዚህ የባሰው ግን «አብዛኛውን ጊዜ» የሚለው «ሁልጊዜ» መሆኑ ነው። አንዲት ቃል ናት፣ ግን ጸሐፊው ያላለውን አስባለችው። የእህሉ ዋጋ መውጣት ደግሞ ጭራሽ ቀርቷል፤ የዋናው ሐሳብ ግማሽ እሱ ነበር። ከአምስቱ ሁለት።

የራስ አነጋገር ሦስት ነጥብ ነው። የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር ከምንባቡ ጋር ጎን ለጎን አድርጋችሁ እዩት። «ትልቅ» «ግዙፍ» ሆነ፣ «ሰኞ ሰኞ» «በየሰኞው» ሆነ፤ አጥንቱ ግን ያው ነው። ተከታታይ ቃላት ብቻ ብንቆጥር ይሄ አይያዝም፣ ለዚህ ነው መምህራኖቻችን የዓረፍተ ነገሩን አካሄድ የሚያዩት። የቦታ ስም፣ ግመል፣ ፍየል፣ እህል የመሳሰለው ቢደገም አንቀጣም፤ ሌላ ስም የላቸውማ። አጥንቱ ስላልተለወጠ ግን ከሦስቱ ዜሮ።

አጭርነቱን አሟልቷል፣ ሁለት ከሁለት። ድምሩ አራት።

ሙሉ ነጥብ ያገኘው ደግሞ ይሄ ነው፦ «በባቲ የሰኞ ገበያ ቆላና ደጋ ይገበያያሉ፤ ዝናብ ሲዘገይ ብዙውን ጊዜ ከብት ይረክሳል፣ እህል ይወደዳል።»

ቤት ስታለማምዷቸው ምንባቡን ሁለቴ ያንብቡት፣ ደብተሩ ይከደንና በቃል ይንገሯችሁ፣ ከዚያ ይጻፉ። እያዩ ከጻፉ መገልበጡ አይቀርም። ሲጨርሱ ግን መልሰው ይክፈቱት፤ «ሁልጊዜ»፣ «ሁሉም»፣ «ብቻ» የሚሉ ቃላትን ከራሳቸው ጨምረው እንደሆነ ያጣሩ።

ውጤቱ ላይ ቅሬታ ያለው ወላጅ ወረቀቱን ይዞ ይምጣ፤ ከመምህሩ ጋር ሆነን ዓረፍተ ነገር በዓረፍተ ነገር እናየዋለን።

የትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህር